ጤዛውን ማን አራገፈው?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የምርቃት ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በማዕረግ ነው። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ክቡራን የሴኔት አባላት፣ የተከበሩ የዕለቱ የክብር እንግዳ እየተባለ ዝርዝሩ ይወርዳል። ወላጆች የሚጠሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሕዝቡ ወሬውን ጀምሯል። ዲግሪ የመስጠቱ ሥርዓት በእንግሊዝኛ ይነበባል። ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲጓዙ ያደሩ እናትና አባት ልጃቸው ሲቆም ቆመው፣ ሰው ሲያጨበጭብ አጨብጭበው፣ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ለእነሱ ተብሎ የተነገረ ነገር ይዘው ወደ ቤት የሚገቡበት ዕድል ካለ፣ ያ ዕድል ያለው ተናጋሪው ሰላምታውን ጨርሶ ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቱ በፊት ባለችው አንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አገር ልማትና ስለ ሥራ ፈጠራ ይወራል፤ ማንም ምንም አያስታውስም።

ያቺን ደቂቃ ተኩል በአንድ አዲስ አባባል ዙሪያ መሥራት ይቻላል። እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የሚመቸው ደግሞ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው ዩኒቨርሲቲ ለጨረሱ ልጆችና ለወላጆቻቸው የሚደረግ ንግግር ነው። ጉዳዩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት በአገሪቱ የመጀመሪያው ስለነበር፣ ከገቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ በቤታቸው የሚጠይቁት ቀዳሚ አልነበራቸውም። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነው በየክልሉ ሲበተኑ ያው ታሪክ በሺዎች ቤት ተደገመ። ልጁ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከቀዬው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል። ዲፓርትመንት ምረጥ ሲባል የሚያማክረው ሰው የለም፤ የወጪ መጋራት ውል ሲፈርም ምን እንደፈረመ የሚያብራራለት ሰው ቤት ውስጥ የለም። አባት ስልክ ደውለው “ትምህርት እንዴት ነው?” ይላሉ፣ ልጅ “ጥሩ ነው” ይላል፤ በሁለቱ መካከል አራትና አምስት ዓመት የሚያልፈው በዚህች አጭር ልውውጥ ነው።

ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የቆየ ተረትና ምሳሌ ይበቃ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ችግሩ፣ የታወቀ ምሳሌ ሲነገር አድማጩ ከተናጋሪው ቀድሞ ይጨርሰዋል። “የተማረ…” ብለው ሲጀምሩ ሜዳው በሙሉ “ይግደለኝ” ብሎ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ሰዉ አብሮ ተናገረ እንጂ አልሰማም። ይህ ምሳሌ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ለሽሙጥ ስለሚውል፣ ሥራ ይገኝ አይገኝ እያለ የሚጨነቅ ተመራቂ ፊት ሲነገር ያስቃል፤ ሳቁ ግን ተናጋሪው የፈለገው ሳቅ አይደለም። አዲስ አባባል ሌላ ነገር ያደርጋል። ቅርጹ የሚታወቅ፣ ቃሉ የማይታወቅ ስለሆነ አድማጩ “ይህን የት ነው የሰማሁት?” ብሎ ጆሮውን ያቀናል። ተናጋሪው የሚፈልገው ይህችን የመገረም ቅጽበት ነው።

ቅርጹን ለማየት “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለውን እንውሰድ። ሁለት ሐረግ አለው። እያንዳንዱ ሐረግ በግስ ያልቃል፤ ሁለቱም “ር” ላይ ቤት ይመታሉ። ድርና አንበሳ በዓይን የሚታዩ ነገሮች ናቸው። “ኅብረት” የሚል ቃል ግን የለም፤ ኅብረትን የሚያስበው አድማጩ ራሱ ነው። ለምርቃት ንግግር አባባል ፈጠርን የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። “ዕውቀት የስኬት ቁልፍ ነው” ብለው ይጽፋሉ። ዕውቀትም ስኬትም በእጅ አይጨበጡም፤ ቁልፉ ደግሞ ከማንኛውም በር ላይ ይገጥማል። ገበሬው አባት ከዚህ ውስጥ የራሱን ኑሮ የሚያይበት ቀዳዳ አያገኝም።

አንዱን ከባዶ እንሥራና ምን ምን እንደሚያጋጥም እንይ። በደጋ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ፣ በሜዳ ላይ የሚደረግ ምርቃት ነው እንበል። ወላጆቹ አብዛኞቹ ገበሬዎች፣ አነስተኛ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ልንል የምንፈልገው፣ እናንተ ባትማሩም ልጃችሁ የተማረው በእናንተ ነው የሚለውን ነው።

በመጀመሪያ የሚመጣው “ያላነበበ አንባቢ ወለደ” ነው። ሦስት ቃል፣ ድምፁ ያማረ፣ ለመያዝ ቀላል። በወረቀት ላይ ሳየው ወደድኩት፤ በሜዳው ላይ ግን አይሆንም። ወላጁን የሚጠራው በጎደለው ነገር ነው። ለልጁ ምርቃት ነጭ ልብሱን ለብሶ የመጣን ሰው በሺህ ሕዝብ ፊት “ያላነበበ” ብሎ መጀመር፣ ቀጥሎ ምንም ይባል ምን፣ አይካካስም። “ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች” የሚለው የቆየ ሽሙጥ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ይመስላል።

ይህን አደጋ በደንብ የተረዳ አንድ ተናጋሪ አለ፤ የብሪታንያ የሌበር ፓርቲ መሪ የነበረው ኒል ኪኖክ። አባቱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር፤ ራሱ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። በግንቦት 1987 እ.ኤ.አ. በዌልስ ከተማ ላንዲድኖ ባደረገው ንግግር፣ በሺህ ትውልድ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የበቃ የመጀመሪያው ኪኖክ እኔ የሆንኩት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄ በሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣውን መልስ ሸሽቶ አላለፈም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ደደቦች ስለነበሩ ነው ወይ ብሎ ራሱ አነሣውና፣ ጠንካሮችና ችሎታ ያላቸው ሰዎች እንደነበሩ በዝርዝር አሳየ። ከዚያ በኋላ ነው፣ የሚቆሙበት መድረክ ስላልነበራቸው ነው ያለው። የንግግሩ ጉልበት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ “የመጀመሪያው እኔ ነኝ” የሚለው ኩራት ውስጥ ያለፉትን የሚያሳንስ ነገር ተደብቆ እንዳለ አወቀና መጀመሪያ እሱን አወጣ። ኪኖክ ይህን ለማድረግ ብዙ ዓረፍተ ነገር ነበረው። አባባል ግን ሁለት ሐረግ ብቻ ስለሆነ ማስተካከያ አይቀበልም፤ ውርደቱ ከውስጡ ቀድሞ መውጣት አለበት።

ስለዚህ ወላጁን በጎደለው ሳይሆን ባደረገው ነገር እንጥራው። “ደብተር የገዛ ሳያነብ ተመረቀ።” ይህ ይሻላል። ደብተር በዓይን ይታያል፣ መግዛት የወላጅ ሥራ ነው፣ መጨረሻው ላይ ያልተጠበቀ መታጠፍ አለ። እናት ስትሰማው ፈገግ ትላለች። ተመራቂዎቹ ግን “ሳያነብ ተመረቀ” የሚለውን ብቻ ነው የሚሰሙት። ኮርጆ ያለፈ፣ ሐሰተኛ ዲግሪ የገዛ እየተባለ በሚወራበት ዘመን፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ። “የገዛ” የሚለው ቃል ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ቅር ይለዋል። አባባል ከአፍ ከወጣ በኋላ የሰሚው ነው፤ አድማጭ ሊያጣምመው የሚችለውን መንገድ ተናጋሪው ቀድሞ ሄዶበት ማየት አለበት። ለዚህ የሚረዳው ሐረጉን ለየብቻው ቆርጦ፣ በቀልደኛ ተማሪ ጆሮ መስማት ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ከሌላ አቅጣጫ ይነሣል። “የመጀመሪያ መሆን” ሲባል ምን ይመስላል? በደጋ አገር ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት ማለዳ፣ በሣር መካከል ባለች ቀጭን መንገድ ሰዎች ተከታትለው ሲሄዱ ከፊት ያለው እስከ ጉልበቱ ይረጥባል። ጤዛው ሁሉ በእሱ እግር ይራገፋል። ከኋላ የሚመጣው ያለ ችግር ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ለምን እንዳልረጠበ አያስብም። ይህን የሚያውቀው ገበሬው ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ተማሪው አባትየው አይደለም። አባባሉ መጀመሪያ የወጣው “ፊተኛው ጤዛ ይጠርጋል፣ ኋለኛው ደርቆ ያልፋል” ሆኖ ነው። ለዓይን ደህና ነው፤ “ደርቆ ያልፋል” ግን እንደ ተክል ጠውልጎ መሞትንም ያሰማል። በደስታ ቀን የሚነገር አይደለም። “ሳይርስ ያልፋል” ተባለ፤ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ “ሳያርስ” ይመስላል፤ በገበሬ ፊት ይህ ሌላ ነገር ነው። በመጨረሻ እዚህ ላይ ቆመ፦

ፊተኛው ጤዛ ያራግፋል፣ ኋለኛው ሳይረጥብ ያልፋል።

“ይጠርጋል” በ“ያራግፋል” መተካቱ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ጤዛ የሚራገፍ ነገር ስለሆነ ቃሉ ቦታውን አገኘ። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ሐረጎች “ፋል” ላይ ቤት መቱ። በሜዳ ላይ ድምፅ ዘግይቶ እያስተጋባ የቃላትን መጨረሻ ይበላል፤ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲመታ ግን ጆሮ የጠፋውን ራሱ ይሞላዋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ፊተኛው ማን እንደሆነ አባባሉ አይናገርም። ተመራቂው “እኔ ነኝ” ብሎ ይሰማዋል፤ እናትየዋ ልጇን ታስባለች። ይህ ክፍት ቦታ ለመክፈቻው መታጠፊያ ይሆናል።

አሁን ንግግሩ ውስጥ እናግባው። ማዕረጉ ተጠርቶ አብቅቷል፤ ተናጋሪው ፊቱን ከመድረኩ ወደ ወላጆች ያዞራል።

“እናቶች፣ አባቶች፣ ታላላቆችና ታናናሾች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ጋዋን የለበሱት ትንሽ ይጠብቁኝና አስቀድሜ እናንተን ላናግር።

በጥቅምት ማለዳ በሣር መሐል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ከፊት የሚሄደው እስከ ጉልበቱ ይረጥባል። ከኋላው የሚመጣው ልብሱ ደረቅ ነው።

ፊተኛው ጤዛ ያራግፋል፣ ኋለኛው ሳይረጥብ ያልፋል።

እነዚህ ልጆች ከቤታቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው ይባላል። እውነት ነው። ዲፓርትመንት ሲመርጡ ‘እኔ በጊዜዬ እንዲህ አድርጌ ነበር’ የሚላቸው ሰው አልነበረም። ፈተና ሲከብዳቸው ማን ቢሮ እንደሚኬድ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። እየጠየቁ፣ እየተሳሳቱ አለፉ። ረጥበዋል።

ግን ከእነሱ በፊት የተነሣ ሰው ነበር። ለበዓል የታሰበው በግ ለመመዝገቢያ የተሸጠ ጊዜ፣ አንድ ሰው አስቦበት ነው የሸጠው። ታላቅ እህት ከብቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ሂድ ያለች ጊዜ፣ ምን እንደቀረባት ታውቅ ነበር።

ተመራቂዎች! ፊተኞች አይደላችሁም። ሁለተኞች ናችሁ። ፊተኞቹ እዚያ ተቀምጠዋል። የእናንተ ተራ ነገ ይጀምራል፤ ከኋላችሁ የሚመጣ ታናሽ አለና።”

ጮክ ብሎ፣ ሳይቸኩሉ ቢያነቡት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይፈጃል። አባባሉ ለምን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አልመጣም? “እንኳን ደስ አላችሁ” በተባለ ቅጽበት እልልታ ይነሣል። እልልታን የሚያቋርጥ ተናጋሪ ይሸነፋል፤ ያኔ የተነገረ አባባልም ውሃ በልቶት ይቀራል። ስለዚህ እልልታው እስኪያልቅ ዝም ይባላል፣ ቀጥሎ “አስቀድሜ እናንተን ላናግር” ሲባል ወላጆች ቀና ይላሉ፣ ከዚያ የጥቅምቱ ማለዳ ይመጣል። ምስሉ ከአባባሉ መቅደሙ ሆን ተብሎ ነው። አድማጩ እግሩ መርጠቡን አስታውሶ እያለ አባባሉ ሲደርስ፣ የተነገረው የራሱን የሚያውቀውን ነገር ይሆናል። ምስሉ ኋላ ቢመጣ ግን ማብራሪያ ይሆንና አባባሉ ያልገባው ሰው እንዳለ ያስመስላል። ካበቃ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝምታ ይበቃል። በዚያው ቅጽበት መድገም አያስፈልግም፤ የሚደገመው ንግግሩ ካለቀ በኋላ፣ ሰዎች መኪና ሲጠብቁ፣ በራሳቸው አፍ ነው።

የችግሩ ዝርዝር ሁለት ላይ ብቻ መቆሙንም ልብ ይሏል። በጉ አለ፣ እህትየዋ አለች፣ አበቃ። እዚህ ላይ ብዙ ተናጋሪዎች መቆም ያቅታቸዋል፤ ባዶ እግር፣ ኩራዝ፣ ቆሎ እያሉ እናቶችን እስኪያስለቅሱ ይቀጥላሉ። እኔ ይህን አልወደውም። የሰው ድህነት በራሱ ልጅ የደስታ ቀን ለሕዝብ ሲተረክ፣ ተናጋሪው አመሰገንኩ ቢልም ባለቤቱ ይሸማቀቃል። በግ መሸጥና ከብት መያዝ ግን ውሳኔዎች ናቸው። ወላጅና ታላቅ እህት ወስነው ያደረጉትን ሰዎች ሆነው ይታያሉ እንጂ የተቸገሩ ሆነው አይታዩም። እህትየዋ የገባችውም በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ ቤት አንዱ የተማረው ሌላው ቀርቶ ነው፤ የቀረው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ነበረች። ይህን የማያነሣ ንግግር ስለ ቤተሰብ አወራሁ ቢል እውነቱን ግማሽ አድርጎታል። እናትና አባት ብቻ ተጠርተው ቢቀር ደግሞ፣ በአክስት ወይም በጎረቤት ያደገ ልጅ ሜዳው ላይ ብቻውን ይቀራል፤ “ከእነሱ በፊት የተነሣ ሰው” የሚለው አባባል ለሁሉም በሩን ክፍት ይተዋል።

ይህ አባባል የማይሠራበት ቦታም አለ። ሰመራ ላይ፣ በቆላ ሙቀት፣ አርብቶ አደር ወላጆች ፊት የጥቅምት ሣርና ጤዛ ቢጠራ ከሌላ አገር የመጣ ወሬ ይሆናል። እዚያ አባባሉ ከውሃ ጉድጓዱና ከግመሉ መንገድ እንደገና መሠራት አለበት። ወላጆቹ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሲሆኑም ቤት መምታቱ ለአማርኛ አድማጭ ብቻ ይቀራል። ምስሉ ግን ይሻገራል። የኦሮምኛ ወይም የሲዳምኛ ተናጋሪ ተመራቂ መድረክ ላይ ወጥቶ በራሱ ቋንቋ፣ ቃል በቃል ሳይሆን እናቱ በምትለው መንገድ ቢለው፣ ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የፕሮግራሙን ቀሪ ሰዓት ትበልጣለች።

አንድ ፈተና ደግሞ ከውበት ጋር የማይገናኝ ነው። አዲስ አባባል ሲገኝ “አበው እንዲህ ይላሉ” ብሎ በአያቶች አፍ ማስገባት ያጓጓል፤ ክብደት ይሰጣልና። ሽማግሌዎች ባሉበት ግን አደገኛ ነው፤ “እኛ ሰምተነው አናውቅም” የሚሉት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከሌላ ሰው የተወሰደን ንግግር የራስ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ የባሰ ነው። ከላይ ያነሣነው የኪኖክ ንግግር በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አሜሪካ ውስጥ፣ አዮዋ ላይ በተደረገ ክርክር ተሰማ፤ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ጆ ባይደን የባለቤቱን ስም ሳይጠቅስ የራሱ አድርጎ ተናገረው። ከዚያ በፊት ስሙን እየጠራ ይጠቅሰው ነበር፤ በዚያን ቀን ግን አልጠራውም። ነገሩ በጋዜጣ ወጣ፣ ሌሎች ወቀሳዎችም ተጨመሩበት፣ በመስከረም ከውድድሩ ወጣ። “ከቤተሰቤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ” የሚል ንግግር የሰውን ሕይወት የሚናገር ስለሆነ፣ ሲሰረቅ የሚሰረቀው ቃሉ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በመክፈቻችን ላይ ጤዛው ያለ ምንም ባለቤት፣ እንደ ማንኛውም የተናጋሪ ቃል ነው የገባው። “አበው” የሚባል ነገር የለበትም።

ከምርቃቱ አስቀድሞ የሚቀር አንድ ሥራ አለ። አባባሉን በስልክ ወይም በቡና መካከል ለአንድ ሰው መንገር ነው፤ ተማሪ ወይም መምህር ባይሆን ይመረጣል። ወረቀት አይሰጥም፣ “እንዴት ነው?” ተብሎም አይጠየቅም። በነጋታው “ትናንት ያልኩሽ ነገር ምን ነበር?” ይባላል። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከረሱት አባባሉ ገና ነው፤ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። “አንድ ስለ ጤዛ የሆነ ነገር” ካሉ ምስሉ ተይዟል፣ ቃሉ ግን ሸክም በዝቶበታል ማለት ነው። ሙሉውን መልሰው አንድ ቃል ከለወጡበት፣ ለምሳሌ “ፊተኛው” ያልነውን “የፊቱ” ብለው ከመለሱት፣ ከጸሐፊው ይልቅ የእነሱን ማመን ይሻላል። አፋቸው የተመቸውን ነው የመረጡት፤ ሜዳው ላይ የሚደግሙትም እንደ እነሱ ያሉ ሰዎች ናቸው።